«አንድ ጨዋታ በላብኝ»

ከሚሴ ላይ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ሲመሽ ከሾፌሮቹ ገሚሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው። ባለፈው ሲያሳፍረኝ፣ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ወላሂ ዛሬ ልበላ ነበር፤ አንድ ጨዋታ በላብኝ» አለኝ። ስምንት ጨዋታ ገምቶ ሰባቱ ተሳክተውለታል፤ ስምንተኛው በመጨረሻው ደቂቃ በገባ ጎል ተበላሽቷል። ከሳምንታት በፊትም ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። ያን ጊዜም የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር።

ቁማር ሐራም መሆኑን ይህ ልጅ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ከመስጊድ ሰምቶታል፤ እናቱም ነግራዋለች። ስለዚህ እሱን ልደግምላችሁ አልተነሣሁም። ላስረዳችሁ የምፈልገው ነውር መሆኑን እያወቀ፣ ገንዘቡም ሲያልቅ እያየ፣ ሰው ለምን እንደማይተወው ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ከተሳሳተ ጠላት ጋር ይታገላል።

መጀመሪያ የቲኬቱን ሒሳብ እንሥራ። ልጁ በየቀኑ የ20 ብር ቲኬት ይቆርጣል እንበል። ጎበዝ ገማች ነው፤ ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን ያገኛል። አወራራጁ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1.55 ይሰጠዋል። ስምንቱ ሲባዙ 33 እጥፍ ይሆናሉ፤ በ20 ብር 666 ብር ማለት ነው። ይህን ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ነገር ግን ስምንቱም አንድ ላይ የመሳካት ዕድላቸው ከ60 ቲኬት አንድ ብቻ ነው። በሁለት ወር 1,200 ብር አውጥቶ 666 ብር ያገኛል ማለት ነው። አወራራጁ በአንዱ ጨዋታ ላይ ከብሩ 7 ሳንቲም ብቻ ነው ለራሱ የሚያስቀረው፤ ስምንት ጨዋታ ሲደራረብ ግን 44 ሳንቲም ይደርሳል። ቲኬቱ በረዘመ ቁጥር ሽልማቱ ያማልላል፤ የሚቆረጠውም ያድጋል።

አሁን ደግሞ «አንድ ጨዋታ በላብኝ» የሚለውን ቃል በዚሁ ሒሳብ እንመርምረው። ከእነዚያ 60 ቲኬቶች ውስጥ ሰባቱ ተሳክተው አንዱ ብቻ የሚበላሽባቸው አምስት ያህል ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ከማሸነፉ በፊትና በኋላ አምስት ጊዜ «ለጥቂት» ይለዋል። ልጁ ይህንን የችሎታው ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ነገሩ ግን ረጅም ቲኬት የሚቆርጥ ሁሉ ሊያመልጠው የማይችል ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በካምብሪጅ ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ ይህን በቁማር ማሽን መሰል ጨዋታ ፈትሸውታል። ለጥቂት የሳቱ ተጫዋቾች ስሜቱ እንዳልጣማቸው ተናገሩ፤ ሆኖም ለመጫወት ያላቸው ፍላጎት ጨመረ፤ በተለይም የሚጫወቱበትን ምልክት ራሳቸው በመረጡበት ጊዜ። ቡድኑን ራሱ የሚመርጥ ተወራራጅ ለምን እንደሚታለል ከዚህ ይገባናል።

ነገር ግን የሚያስረው ሰንሰለት ከዚህም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አይጦችን ያስለምድ ነበር። አይጧ ዘንግ ስትጫን ትንሽ ፍሬ ምግብ ትወርድላታለች። ፍሬዎቹን የሚሠራው በእጁ ነበርና አንድ ቅዳሜ ክምችቱን ሲያየው እስከ ሰኞ የማያደርስ ሆኖ አገኘው። ለመቆጠብ ብሎ በተጫነች ቁጥር መስጠቱን ትቶ አልፎ አልፎ፣ በየደቂቃው አንዴ ብቻ፣ መስጠት ጀመረ። አይጦቹ አልሰለቹም፤ መጫናቸውን ቀጠሉ። ከእጥረት የተነሣው ብልሃት ሰፊ ጥናት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ከፈርስተር ጋር ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ተጠቃለለ።

ጥናቱን በእኛው ከተማ ልመስለው። ጫኝና አውራጆች አንድ መኪና አራግፈው ሲጨርሱ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። ስንት ኩንታል ሲያወርዱ ስንት እንደሚያገኙ አስቀድመው ያውቃሉ። ይህ ቋሚ ምጥጥን ይባላል። ጠባዩ ምንድን ነው? ሥራው ሲያልቅ ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ። በጥናቱ የነበረችው ርግብም እንዲሁ ናት፤ በየሃምሳው ንቆራ እህል ከተሰጣት፣ ከበላች በኋላ ቆም ትላለች። እንግዲህ ሃምሳውን ለውጠን አንዴ በአምስተኛው፣ አንዴ በዘጠናኛው፣ አንዴ በሠላሳኛው ብንሰጣትስ? አማካዩ ያው ሃምሳ ሊሆን ይችላል፤ ርግቧ ግን ዕረፍቷን ትተዋለች። የሚቀጥለው ንቆራ እህሉን ሊያመጣ ይችላልና በፍጥነት፣ ያለ ፋታ ትነቁራለች። ይህኛው ተለዋዋጭ ምጥጥን ነው። የቁማር ማሽኑም፣ ተፍቆ የሚታየው ሎተሪም፣ የውርርድ ቲኬቱም የተሠሩት በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ሽልማቱ ጨርሶ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። አውራጁ አንድ ቀን መኪና አራግፎ ሒሳቡን ቢከለከል በዚያው ቀን ይጮኻል፤ በማግስቱም ለዚያ ሰው አይሠራም። ሁልጊዜ መከፈልን ስለለመደ ለውጡን ወዲያው ያየዋል። ተወራራጁ ግን ለሃምሳ ቀን ባዶ መመለስን ለምዷል። ስለዚህ ስልሳኛው ባዶ ቀን ምንም አዲስ ነገር አይነግረውም፤ «እንደ ትናንቱ ነው፤ ነገ ይሆናል» ይላል። ባዶው ለእሱ የማቆሚያ ምልክት መሆኑ ቀርቶ የመንገዱ አካል ሆኗል። እንግዲህ እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ «በቃ» የሚለው ምልክት ከትምህርቱ ውስጥ ተሰርዞበት ነው።

ስልካችንም በዚሁ ገመድ ይጎትተናል፤ ግን ሁለት ዓይነት ጉተታ እንለይ። መልእክት የሚመጣው በጊዜው ነው። ሰዓቱ ባይታወቅም፣ አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ብታዩም አንድ ጊዜ ብታዩም የተላከው ያው ነው። ደጋግሞ ማየት መልእክት አያበዛም። በቲክቶክና በፌስቡክ ላይ ወደ ላይ የምንገፋው ጣት ግን ከርግቧ ንቆራ ጋር አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ግፊት አንድ ሙከራ ነው፤ ስምንቱ አሰልቺ፣ ዘጠነኛው የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ገጽ ስለሌለውም አውራጁ አረፍ የሚልባት ጥላ የለችም። ስለዚህ መልእክት መጠባበቅ ከሚሰርቀን ይልቅ ጣት መግፋቱ ሌሊታችንን ይወስዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «ከነገ ጀምሬ አልነካውም» ብሎ መማል ብቻውን አይበቃም። ያሰረን አለማወቁ ነውና የማይታወቀውን የታወቀ ማድረግ ይሻላል። ለስልክ ይህ ቀላል ነው። የማሳወቂያ ድምፁን ዝጉና ለማየት ሰዓት ቁረጡለት። ለሰጋጁ ሰው ሰዓቱ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ከዙህር በኋላ አንዴ፣ ከዒሻ በኋላ አንዴ ብሎ መወሰን ይቻላል። መልእክቶቹ ተጠራቅመው ይጠብቁታል፤ በመካከሉ ስልኩን ቢከፍት ትርፍ እንደሌለው ስለሚያውቅ ጣቱ ቀስ በቀስ ይረጋል። ለሚገፋው ቪዲዮ ግን ሰዓት መቁረጥ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ አንዴ ከተገባ ማቆሚያ የለውምና። እሱን ከስልኩ ማውጣት ወይም ማንቂያ ደወል አስቀምጦ መግባት ይሻላል።

ለውርርድ የምመክረው ሌላ ነው። እሱን መቀነስ ገመዱን አያላላም፤ በሳምንት አንድ ቲኬት ቢሆንም ድሉ የሚመጣበት ቀን ያው አይታወቅም። ስለዚህ በሙሉ ይቁም። ከማቆሙ በፊት ግን ደብተር ይያዝ። የወጣው በአንድ ዓምድ፣ የገባው በሌላው ዓምድ ለሁለት ወር ይጻፍ። ጭንቅላታችን 666ቱን ብር ከነቀኑ ያስታውሳል፤ ሃምሳ ዘጠኙን ሃያ ብር ግን ይረሳል። ደብተሩ የተሰረዘውን «በቃ» መልሶ ይጽፈዋል።

ያቆመ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሽልማቱ የተቋረጠበት እንስሳ ከመተዉ በፊት ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው በላይ ይበረታል። የሰውም ፍላጎት እንዲሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያይላል። ይህ መድከሙን እንጂ መሸነፋችሁን አያሳይም። ከሳምንታት ዝምታ በኋላም በድንገት ይመለሳል፤ ለምሳሌ ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ። ያን ቀን «አንዴ ብቻ» ብሎ የቆረጠ ሰው ቢያሸንፍ የሚጎዳው ከመሸነፉ ይልቅ ማሸነፉ ነው፤ ከብዙ ባዶ በኋላ የመጣው ድል የሚያስተምረው ሌላ ረጅም ባዶ መታገሥን ነውና።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ለወላጆችና ለታላላቅ ወንድሞች ነው። ልጁ ዕዳ ገብቶ ሲመጣ ዘጠኝ ጊዜ «የለኝም» ትሉታላችሁ፤ በአሥረኛው አልቅሶ ሲለምን አንጀታችሁ አይችልምና ትከፍሉለታላችሁ። እንዲህ ስታደርጉ እናንተው የቁማር ማሽኑ ሆናችኋል። ያስተማራችሁት «አይሰጡኝም» የሚለውን ሳይሆን «እስከ አሥር ጊዜ ለምን» የሚለውን ነው፤ በሚቀጥለው እስከ ሃያ ይለምናል። ከረሜላ ለማግኘት ሱቅ በር ላይ የሚንከባለለውም ሕፃን የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የምትሰጡ ከሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ ስጡ፤ የማትሰጡ ከሆነ ደግሞ አባትም እናትም አጎትም አንድ ቃል ሁኑ። ምግቡን፣ ቤቱንና ፍቅራችሁን ግን ከዚህ ነጥላችሁ ሁልጊዜ ስጡት።

ለባጃጁ ልጅ ደብተር ገዝቼለታለሁ። እንደገና ሲያሳፍረኝ «ስንት ጨዋታ በላብህ?» ብዬ አልጠይቀውም፤ የሁለቱን ዓምድ ድምር እንዲያነብልኝ እንጂ።