ሳትገኝ የቀረችው ፕላኔት

እ.ኤ.አ. በ1919 ካርል ፖፐር ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ የቪየና ወጣት ነበር። በዚያች ከተማ የማርክስ፣ የፍሮይድና የአድለር ሐሳቦች በየውይይቱ ይነሱ ነበር፤ የእነዚህ ሐሳቦች ተከታዮችም የማያስረዱት ነገር አልነበረም። ፖፐር አንድ ጊዜ ለአልፍሬድ አድለር ከእሱ ንድፈ ሐሳብ ጋር የማይገጥም የመሰለውን የአንድ ሕፃን ታሪክ ነገረው። አድለር ግን ሕፃኑን ሳያየው በበታችነት ስሜት ንድፈ ሐሳቡ ያለ ምንም ችግር ተነተነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የፀሐይ ግርዶሽን ተከትለው ወደ ፕሪንሲፔ ደሴትና ወደ ብራዚል ሄዱ። አይንስታይን የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በቁጥር ተናግሮ ነበር፤ ልኬቱ የተለየ ነገር ቢያሳይ ንድፈ ሐሳቡ በአደባባይ ይወድቅ ነበር።

ፖፐር ከዚህ ንጽጽር የወሰደውን ትምህርት በ1934 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶ አቀረበ። ደጋፊ ማስረጃ ለፈለገ ሰው ለማንኛውም ሐሳብ ይገኛል። አንድን ሐሳብ ሳይንሳዊ የሚያደርገው ግን አንድ ነገር መከልከሉ ነው፤ ማለትም «ይህ ከታየ እኔ ውሸት ነኝ» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ለማስተባበያ ማቅረቡ ነው። ሊስተባበል የማይችል ንግግር ጥልቅ ሊሆን ይችላል፣ ጠቃሚም ሊሆን ይችላል፣ ሳይንስ ግን አይደለም።

ይህ መስፈርት ግልጽና ደፋር ስለሆነ ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው እንወደዋለን። እውነተኛ ፈተናው የሚመጣው የሳይንስን ታሪክ ራሱን ስንመለከት ነው። ለዚህ ከሥነ ፈለክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ዩራነስ የኒውተን የስበት ሕግ ባሰላላት መንገድ አልሄድ አለች። የፖፐርን መስፈርት በጥሬው የወሰደ ሰው «ሕጉ ተስተባበለ» ማለት ነበረበት፤ ሥነ ፈለካውያኑ ግን ሕጉን አልጣሉም። ፈረንሳዊው ኡርባን ለቬሪዬ ሌላ ያልታየች ፕላኔት ዩራነስን እየሳበቻት ነው ብሎ አሰበ፣ ያለችበትንም ቦታ በሒሳብ አሰላ። ደብዳቤው በርሊን በደረሰ ዕለት፣ መስከረም 23 ቀን 1846 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዮሃን ጋለ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዞረ። ኔፕቲዩን ከተሰላላት ቦታ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ተገኘች።

ያው ሰው በ1859 ሌላ እንግዳ ነገር ይዞ መጣ። የሜርኩሪ ምህዋር ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ነጥቡ በየጊዜው ይዞራል። የሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ተቆጥሮም በየመቶ ዓመቱ ጥቂት ሰከንድ ቅስት ይተርፋል። ሰከንድ ቅስት የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ትርፉ በኋላ በተሻለ ስሌት 43 ሆነ፤ በዚህ መጠን አንድ ዲግሪ ለመሙላት ከ8,000 ዓመት በላይ ይወስዳል። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር ችላ ማለት በተቻለ ነበር፤ ለቬሪዬ ግን ችላ አላለውም። ኔፕቲዩንን ያገኘበትን መንገድ ተከትሎ በፀሐይና በሜርኩሪ መካከል የተደበቀች ፕላኔት መኖር አለባት አለ። አንድ የገጠር ሐኪም በፀሐይ ፊት የምታልፍ ጥቁር ነጥብ አይቻለሁ አለ፤ ለቬሪዬ ሄዶ መረመረው፣ አመነውም። ፕላኔቷ ቩልካን ተባለች። ታልፋለች በተባለባቸው ጊዜያት ግን አልታየችም። በ1878 የፀሐይ ግርዶሽ ሁለት አሜሪካውያን ሥነ ፈለካውያን አየናት ቢሉም ማንም ሊያረጋግጥላቸው አልቻለም። ለቬሪዬ ከዚያ በፊት፣ በ1877፣ እንዳመናት ሞቷል።

አንድ ሰው፣ አንድ ሕግ፣ አንድ ዓይነት እርምጃ። አንዱ የዘመኑ ታላቅ ድል ሆነ፣ ሌላው ስሕተት። እርምጃው በተወሰደበት ቀን ሁለቱን መለየት የሚችል የሎጂክ ሕግ አልነበረም። ምክንያቱም ትንበያ ከሕጉ ብቻ አይወጣም፤ ከሕጉ በተጨማሪ ከፕላኔቶቹ ቁጥር፣ ከክብደታቸውና ከመሣሪያው ትክክለኛነት ጋር ተጣምሮ ነው የሚወጣው። ትንበያው ሲከሽፍ ከእነዚህ አንዱ እንደተሳሳተ እናውቃለን፤ የትኛው እንደሆነ ግን ክሽፈቱ ራሱ አይነግረንም።

ፖፐር ይህን ያውቅ ነበር። ንድፈ ሐሳብን ለማዳን የሚጨመር ግምት ራሱ ለብቻው ሊፈተን የሚችል መሆን አለበት ሲል መልሷል። ቩልካን ይህን ታሟላለች፤ የት መፈለግ እንዳለባት ተነግሮ ነበርና። ችግሩ የሚከፋው ግን ቩልካን ከጠፋች በኋላ ነው። ያኔም ኒውተን አልተጣለም። አሜሪካዊው አሳፍ ሆል በ1894 የስበት ሕጉን የርቀት አርቢ ከ2 ወደ 2.00000016 ለመለወጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ይህ ግን በኋላ ከጨረቃ እንቅስቃሴ ጋር አልገጠመም። ሕጉ የታወቀ ክሽፈት እንደተሸከመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ።

ቶማስ ኩን በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ የሚነሣው ከእንዲህ ያለው ታሪክ ነው። ሳይንቲስቶች በአብዛኛው ዘመናቸው መሠረታዊውን ንድፈ ሐሳብ አይፈትኑም፤ እሱን ተቀብለው፣ በእሱ ፓራዳይም ውስጥ እንቆቅልሽ ይፈታሉ። መፍትሔ ሲጠፋ የሚወቀሰው ፈቺው እንጂ ንድፈ ሐሳቡ አይደለም። ያልተገጣጠሙ ነገሮች ሲከማቹና ሲከፉ፣ ሌላ ተተኪ ሲመጣ ብቻ አሮጌው ይወርዳል። ሜርኩሪም እስከ ኅዳር 1915 ድረስ ጠበቀች፤ ያኔ አይንስታይን ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ምንም ቁጥር ሳያስፈልገው 43ቱን አወጣ።

የኩን ከባዱ ትችት ግን ስለ ኮከብ ቆጠራ የተናገረው ይመስለኛል። ኮከብ ቆጣሪዎች ግልጽ ትንበያ ይሰጡ ነበር፣ ብዙው ይከሽፍ ነበር፣ መክሸፉንም አይክዱም ነበር። ስለዚህ በፖፐር መስፈርት እነሱን ከሳይንስ ማስወጣት አይቻልም። የጎደላቸው እንቆቅልሽ ነው። ሥነ ፈለካዊው ሲሳሳት ምህዋሩን ያስተካክላል፣ መሣሪያውን ያሻሽላል፣ አዲስ ልኬት ይወስዳል። ኮከብ ቆጣሪው ግን የልደቱ ሰዓት በትክክል አልታወቀም ሊል ይችላል እንጂ ከክሽፈቱ ተነሥቶ የሚሠራው ሥራ የለውም። በእኛም ዘንድ የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ በ12 ገድፎ ኮከብ የሚያወጣው የአውደ ነገሥት ስሌት እንዲሁ ነው። የከሸፈ ትንቢት የስሌቱን ደንብ የሚያርምበት መንገድ የለም።

በዚህ ኩን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እሱም የፖፐርን ሐሳብ ሳይበደር መቆም የሚችል አይመስለኝም። እንቆቅልሽ እንቆቅልሽ የሚሆነው መልሱ ሊሳሳት ሲችል ነው። ቩልካንን መፈለግ ትርጉም የነበረው ሰማዩ «የለችም» ማለት ይችል ስለነበር፣ ፈላጊዎቹም ይህን መልስ ስለሚሰሙ ነው። ማኅበረሰቡ በአንድ ፓራዳይም መስማማቱ ብቻውን ቢበቃ፣ ተስማምቶ የተዘጋ ጉባኤን ከሳይንስ የምንለይበት አይኖረንም።

ስለዚህ መስመሩ አለ፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ወይም በአንድ ቀን የሚሰመር አይደለም። የሚታየው ንድፈ ሐሳቡን የያዙ ሰዎች ከክሽፈት በኋላ በሚያደርጉት ነው፤ ማዳኛው ግምታቸው አዲስ የሚፈለግበት ቦታ ይጠቁማል ወይስ በሩን ይዘጋል? ስንት ዓመት መጠበቅ ተገቢ እንደሆነ ግን ፖፐርም ኩንም አልነገሩንም፤ ቁጥር ሊወጣለት የሚችልም አይመስለኝም። «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ሰው ሲገጥምህ ማስረጃውን ከመጠየቅህ በፊት ምን ቢታይ እምነቱን እንደሚተው ጠይቀው፤ ቀጥለህም ባለፈው ጊዜ ሲሳሳት በሥራው ላይ ምን እንደለወጠ ጠይቀው።