ልጁን መሳቂያ አታድርጉት

ልጆቼ፣ እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ ተሰብስባችሁ የጻፋችሁትን ስታነቡ ጥግ ይዤ አዳምጣለሁ። አዋቂ ሰው ስትስሉ ትደክማላችሁ፤ ታሪኩ ውስጥ ሕፃን ሲገባ ግን ትሰንፋላችሁ። ከረሜላውን «ተረሜላ» አስብላችሁ ታልፉታላችሁ። አለዚያም የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ድህነት እንደ መምህር ይናገርላችኋል፤ ያ የደራሲው ድምፅ መሆኑን ማንም ስለሚያውቀው አልደክምበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሳቁ ነው።

በቅርቡ አንድ ታሪክ ተነበበ። አከራይዋ ኪራይ ልትጠይቅ ትመጣለች። እናት ጓዳ ገብታ ልጇን «የለችም በል» ትለዋለች። ልጁም በሩን ከፍቶ «እማዬ የለሁም በል ብላኛለች» ይላል። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ ግን አዘንኩ።

ከአጠና ተራ ጀርባ በኪራይ ቤት ያደገ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ አይሳሳትም። ያቺ በር ስትንኳኳ የመጀመሪያው አይደለማ! «ሥራ ሄዳለች» ይላል፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። ከመክፈቱ በፊት የእናቱን ጫማ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከአልጋ ሥር ይከተዋል። በሩን ሙሉ በሙሉ አይከፍተውም፤ በሰውነቱ ይሸፍነዋል። ይህን ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነው፤ ትናንት ዳቦ ቆርሳ የሰጠችው እትዬ ዛሬ ፊቷ ለምን እንደጠቆረ አይገባውም። «እስከ ሚካኤል ነው የምታገሣት፣ በላት» ብላው ትሄዳለች። ልጁም ገብቶ «እስከ ሚካኤል ነው የምታገሣት በላት አለችኝ» ይላል፤ አማርኛችን የአዋቂን ቃል ሳይነካኩት እንዳለ ለመሸከም ይመቻልና። ለእሱ ሚካኤል በወሩ በ12 የጽዋ ዳቦ የሚበላበት ቀን ነው። እናቱ ለምን ዝም እንዳለች ግራ ይገባውና ጫማዋን አውጥቶ ቦታው ይመልሰዋል። የቀሩትን ቀናት የሚቆጥረው አንባቢው ነው። እናንተ «ልጁ ሳያውቅ» ብላችሁ ልታስረዱ ከገባችሁ ግን ሁሉም ይበላሻል።

ልጅ የጎደለው ዕውቀት እንጂ ማስተዋል አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ያውቃል። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ብላቴናው በሌሊት ሲጠራ ወደ ዔሊ ይሮጣል፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሦስቴ። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ቤት እሱን የሚጠራው ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ነው፤ ከሚያውቀው ተነሥቶ በትክክል አሰበ። የተነገረው ክፉ ዜና ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ እስከ ጠዋት ተኝቶ ይቆያል፣ ተነሥቶም የቤተ መቅደሱን ደጆች ይከፍታል፤ ለዔሊ መንገሩን ፈርቷል። ፍርሃቱ የሚታየው ሥራውን በመሥራቱ ነው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ እኔም ትንሽ ነበርኩ። «ደብረ ሊባኖስ ሄዷል» ብለው ጎረቤት ሰደዱኝ። የዕድር ድንኳን ሲተከል፣ አግዳሚው ሲወርድ ግን በአጥር አየሁ፤ ድንኳን ለምን እንደሚተከል የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም። እንዳላውቅ መፈለጋቸው ገብቶኝ ነበርና የማላውቅ መስዬ አመሸሁ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዳታለሉኝ ታምን ነበር።

ስለዚህ አትሸንግሉኝ። በ2007 ዓ.ም. ካን የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ፊልም ያያችሁ፣ ኤፍሬምን አስታውሱ። እናቱን በሞት ያጣ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት የሄደ ልጅ ነው፤ አጎቱ ለበዓል ሊያርድበት ያሰበው በግ አለው። ብዙ ንግግር የለውም። ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ወርዶ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ወንድ ልጅ ምግብ አይሠራም በሚል አጎት ቤት። ልጁ ዕቅድ አለው፤ ዕቅዱ ድምፁ ነው። እናንተ ግን ልጃችሁን በር ላይ አቁማችሁ ቃል ታቀብሉታላችሁ፣ እሱ የሚፈልገውን ነገር ሳታውቁ!

አዋቂዎች የሳቁበትን መስመር ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። ልጁ ያን ቃል ሲናገር ምን ለማግኘት ወይም ምን ለመደበቅ ፈልጎ ነበር? መልስ ካጣችሁ ሰርዙት። በቦታው ልጁ በእጁ የሚሠራውን ጻፉና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁልኝ ኑ።