እርጥቡን ከላይ አድርገው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ «ዝናብ መትቶት ነው» ቢላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት።

ሐሙሲት ላይ ያገለገለ ስልክ የምትሸጥ ወንድሜ፣ የመስታወቱን ጭረት ገዢው ራሱ ያየዋል። የባትሪው ድካም ግን የሚታወቀው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አይፎን ከሆነ Battery Health የሚለውን ከፍተህ አሳየው። 78% ካለ «ባትሪው ደክሟል፣ ቀን ላይ ቻርጅ ይፈልጋል» በል፤ ስክሪኑ ከተቀየረም ንገረው።

«አይተህ ግዛ» ማለት አውቆ የደበቁትን ዐይብ ሐላል አያደርግም። ዐይቡ ተደብቆበት የገዛ ሰው የመመለስ መብት አለው። አውቆ፣ ወዶና ዋጋ አስቀንሶ የገዛ ግን በዚያው ዐይብ ስልኩን አይመልስም።

ጁምዓ ሙባረክ!