የላላውና የጠበቀው

ገና በመተዋወቅ ላይ ካሉ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን መልእክት ባልታሰበ ስሜት ቢያነብ ጥፋቱ የማን ነው? የጸሐፊው ነው ወይስ የአንባቢው?

ለአብነት ያህል በአዳማ የምታስተምር አንዲት ወጣትና በባቱ የአበባ እርሻ የሚሠራ አንድ ወጣት ይታሰቡ። በቴሌግራም መጻጻፍ ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። አንድ ምሽት ወጣቱ ሁለት ጥያቄዎችን አከታትሎ ይልካል፤ «ባቱ ከዓሣና ከሙቀት በቀር ምንም የላትም ያልሽው አንቺ ነሽ?»፣ ወዲያው ደግሞ «ለመሆኑ በልብሽ ውስጥ ማን አለ?»። እርስዋም የመጀመሪያውን ብቻ አይታ «ሌላ ሰው ነው ያለው» ስትል ትመልሳለች። «ለ» ላልቶ ሲነበብ ነገሩን የተናገረው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን በልቧ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ማለት ይሆናል። ወጣቱ አጥብቆ አነበበና ሦስት ቀን ዝም አለ። ዝምታውን እርስዋ በበኩልዋ ንቀት አድርጋ ቆጠረችው።

የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ጆሮ ነው። በዚያው በአዳማ መንገድ በዚያው ስልክ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ስለሚጻፍ፣ የጠበቀውን ድምፅ ፊደሉን በመድገም ያሳያል። «መጥፎ» የሚለውን ቃል ከ«ደጋ» የሚለየው ይኸው የተደገመ ፊደል ነው። ሆኖም ቀልድን ከቁጣ የሚለይ ፊደል ቁቤም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ግማሾቹ የምር፣ ግማሾቹ የምፀት የሆኑ ዐረፍተ ነገሮችን በኢሜይልና በድምፅ ተላላኩ። በኢሜይል የላኩት ከ100 ወደ 78 ያህሉ በትክክል ይታወቅልናል ብለው ነበር፤ የታወቀው ግን 56 ያህሉ ብቻ ነው። ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። በድምፅ ሲሆን ወደ 73 ከፍ አለ። ጥናቱ የፍቅር ወሬን ባይመለከትም ምክንያቱ እዚህም ይሠራል፤ የሚጽፍ ሰው የገዛ ድምፁን በውስጡ እየሰማ ስለሚጽፍ አንባቢውም የሚሰማው ይመስለዋል።

እንዲህ ከሆነ መምህርትዋ ስለምን በድምፅ አልመለሰችም? ከእኅቶችዋ ጋር በአንድ ክፍል ታድራለችና ነው። የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ለጓደኛ ጆሮ ሊተላለፍ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ሴትዋ ከወንዱ ይልቅ የምታጣው ይበዛል። መጻፍዋን እንደ ቅዝቃዜ መቁጠር ይህን ሁሉ መዘንጋት ነው። በአንጻሩ የወጣቱ ጥፋት ማጥበቁ አልነበረም፤ ፊደሉ ሁለቱንም ይፈቅድለታል። ጥፋቱ የራሱን ንባብ የእርስዋ ቃል አድርጎ መቀበሉና «ማለትሽ ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ መኩራቱ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ መምህርትዋ በባዶው ክፍል ውስጥ ቆማ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በድምፅ ላከችለት። ማብራሪያ አልጨመረችበትም። ወጣቱ ሁለት ጊዜ ሰማውና በጽሑፍ «ማን ነው ታዲያ ያለው?» ሲል ጠየቃት። ይህን ግን እርስዋ አላልታ አነበበችው።