አንዲት ሐረካ፦ ነሕው እንዴት የዲን ዕውቀት ሆነ?



ነሕው መቅራት የጀመረ ደረሳ ሁሉ አንድ ቀን ሳይጠይቅ አያልፍም፦ «ይህ ሁሉ ልፋት ለቃሉ መጨረሻ ሐረካ ነው?» አዎ፣ በአብዛኛው ለእርሷ ነው። ምክንያቱን ለማየት ሱረቱ ተውባን እንክፈትና ሦስተኛው አያ ላይ እንቁም።

አያው አላህ (ሱብሐነሁ ወተዓላ) ከሙሽሪኮች የጠራ መሆኑን፣ መልእክተኛውም (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) እንደዚሁ ከእነርሱ የጠሩ መሆናቸውን ያውጃል። «መልእክተኛው» የሚለው ቃል ላሙ ላይ ዶማ አለው፤ «ወረሱሉሁ» ተብሎ ይቀራል። ዶማዋን ወደ ከስራ ለውጦ «ወረሱሊሂ» ያለ ሰው ግን፣ አዑዙ ቢላህ፣ «አላህ ከሙሽሪኮችም ከመልእክተኛውም የጠራ ነው» ያለ ይመስላል። በአማርኛ ይህን ልዩነት የምትሸከመው «ከ» ናት፤ «መልእክተኛው» እና «ከመልእክተኛው» አንድ አይደሉም። የእኛ «ከ» ደግሞ ተጽፋ ትታያለች። በመጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች ላይ ግን ሐረካ አይጻፍም ነበር። ከአስተማሪው አፍ የተቀበለና ዐረብኛን ከእናቱ ጋር ያደገበት ሰው አይቸገርም፤ እስልምና ወደ ዒራቅና ወደ ፋርስ ሲገባ ግን ሁለቱንም ያላገኘ ሙስሊም በዛ።

የበስራው ሊቅ አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ (በ69 ሂጅሪ፣ እ.ኤ.አ. በ688 ገደማ የሞቱት) ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘገባዎቹ በዝርዝሩ ይለያያሉ። በታወቀው ዘገባ የዒራቁ ገዥ ዚያድ ሰው ቁርኣንን በትክክል የሚያነብበት ምልክት እንዲያበጁ ሲጠይቃቸው እምቢ አሉ። ዚያድም አንድ ሰው በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተቀምጦ ያንን አያ በከስራ እንዲቀራ አደረገ። አቡል አስወድ ሲሰሙ ደነገጡና ተመልሰው «እሺ፣ ጸሐፊ ስጡኝ» አሉ። ከቀረቡላቸው ጸሐፊዎች መካከል ከዐብዱል ቀይስ ጎሳ የሆነ አንድ ሰው መረጡ።

የሠሩበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ሙስሐፉ ከተጻፈበት የተለየ ቀለም አስመጡ። ጸሐፊው ከንፈራቸውን ብቻ እንዲያይ ነገሩት፦ ስከፍተው ከፊደሉ በላይ ነጥብ አድርግ፣ ስገጥመው ከፊደሉ ጎን አድርግ፣ ወደ ታች ስሰብረው ከሥር አድርግ፤ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ካስከተልኩ ደግሞ ነጥቡን ሁለት አድርገው። እሳቸው ቀስ ብለው ይቀራሉ፣ እርሱ ነጥብ ያኖራል። ፈትሓ ማለት መክፈት፣ ዶማ ማለት መግጠም፣ ከስራ ማለት መስበር ነው። በየመድረሳው በልጅነታችን የጮህንባቸው ስሞች ከአንድ ሰው ከንፈር እንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ ናቸው ማለት ነው።

የቃል ትርጉምም እንደ ሐረካው ያስቸግር ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ)፣ በተፍሲር የሚታወቁት ሰሓባ፣ ቁርኣን አላህን «ፋጢር» ሲለው የቃሉ ትክክለኛ ስሜት አልገባቸውም ነበር። ከዚያ ሁለት ገጠሬ ዐረቦች በአንድ የውኃ ጉድጓድ ተጣልተው መጡ። አንደኛው «እኔ ነኝ የፈጠርኳት» አለ፤ መቆፈር የጀመርኳት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ኢብኑ ዐባስ ያኔ ገባቸው፤ ፋጢር ማለት ከምንም ሳይነሳ ያስጀመረ ነው። (አማርኛ ተናጋሪ ይህን ታሪክ ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ እኛ «ፈጠረ»ን ከአፋችን አውጥተን አናውቅምና።)

ከዚያ በኋላ የመጡት የቋንቋ ሊቃውንት ይህን መንገድ ሥራቸው አደረጉት። የኩፋው አል-ኪሳኢ፣ ከሰባቱ የቁርኣን ቃሪኦች አንዱ፣ የበስራውን ሊቅ አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድን ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘው ሲጠይቃቸው ከሒጃዝ፣ ከነጅድና ከቲሃማ በረሃዎች ነው አሉት። አል-ኪሳኢ ተነስቶ ሄደ። በቃሉ ከያዘው ሌላ ለመጻፍ ብቻ አሥራ አምስት ጠርሙስ ቀለም ጨርሶ ተመለሰ ይባላል።

ከማንም አይቀበሉም ነበር። በብዛት የወሰዱት ከቀይስ፣ ከተሚም፣ ከአሰድና ከሁዘይል ጎሳዎች ነው። ከሌላ ሕዝብ ጋር የሚጎራበቱትንና የሚገበያዩትን ቋንቋቸው ተቀላቅሏል ብለው ተዉአቸው። በኋላ የተጻፉ መጻሕፍት የየመን ሰዎች የቀሩበትን ምክንያት ሲያስረዱ ከሕንዶችና ከሐበሾች ጋር መቀላቀላቸውን ይጠቅሳሉ። ጥፋተኞቹ እኛ ነን እንግዲህ! እውነቱን ለመናገር ይህ መስፈርት ጉዳትም ነበረው፤ ሳይመዘገቡ የጠፉ ጥሩ የዐረብኛ ቃላት እንደሚኖሩ መገመት አያስቸግርም።

ሲበወይህ ደግሞ ወደ በስራ የመጣ ፋርሳዊ ወጣት ነበር። የመጣበት ጉዳይ ሐዲስ መቅራት እንጂ ነሕው አልነበረም። ሸይኹ ሐማድ ኢብኑ ሰለማ ያስጽፉት የነበረው ሐዲስ ከሰሓቦች መካከል «አቡ ደርዳእ ሲቀር» የሚል ሐሳብ ነበረበት፤ በዐረብኛው «ለይሰ አባ ደርዳእ»። ሲበወይህ ከ«ለይሰ» ቀጥሎ የሚመጣ ስም ዶማ እንደሚይዝ ያውቃልና «አቡ» ብሎ ቀራው። ሐማድ «ተሳሳትክ» አሉት። እዚህ ላይ «ለይሰ» የዘወትሩ «አይደለም» ሳይሆን «ሲቀር» ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ስም «አባ» ይሆናል። ስሕተቱ የሰነፍ አይደለም፤ ደንቡን አውቆ ቦታውን የሳተ ሰው ስሕተት ነው። ወጣቱ አፈረ፤ ከእንግዲህ ማንም በንግግሬ ስሕተት የማያገኝበትን ዕውቀት እፈልጋለሁ ብሎ ወደ ኸሊል ሄደ። በኋላ የጻፈው መጽሐፍ እርሱ ያወጣለት ርዕስ የለውም፤ ሰው ሁሉ «አል-ኪታብ»፣ መጽሐፉ፣ ብሎ ይጠራዋል። በውስጡ ኸሊልን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይጠቅሳል። ሲበወይህ በ180 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. 796) ገደማ ገና በጉልምስናው ሞተ፤ ረሂመሁላህ።

ኸሊል የአቡል አስወድን ነጥቦች ዛሬ በምናውቃቸው ምልክቶች የተኩ ሰው ናቸው፤ የእኛ ዶማ ትንሽ ዋው፣ ፈትሓ ደግሞ የተጋደመች ትንሽ አሊፍ ናት። የዐረብኛን የመጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሲያስቡ ደግሞ የተነሱት ከሒሳብ ነው። ሁለት ፊደል ሁለት ዓይነት አደራደር አለው፣ ሦስት ፊደል ስድስት፣ አራት 24፣ አምስት 120። እያንዳንዱን አደራደር ይዞ ዐረቦች ይህን ይናገሩታል ወይስ አይናገሩትም ብሎ መጠየቅ ነው። ፊደላቱንም በአሊፍ፣ ባ፣ ታ ተራ ሳይሆን ድምፁ ከሚወጣበት ከጉሮሮ ጀምረው ወደ ከንፈር አሰለፏቸው። ዐይን መጀመሪያ መጣች፤ መጽሐፉም «ኪታቡል ዐይን» ተባለ። ምን ያህሉን ራሳቸው እንደጻፉት፣ ምን ያህሉን ተማሪያቸው ለይስ እንደጨረሰው ዑለማዎች ይከራከራሉ።

ዐይን፣ ላም፣ ሚምን እንውሰድ። በዚህ ተራ «ዒልም» አለ። ላምና ሚምን ስናቀያይር «ዐመል» ይሆናል። ላም፣ ሚም፣ ዐይን ስንል «ለመዐ»፣ አብረቀረቀ፣ ይመጣል። ላም፣ ዐይን፣ ሚም ስንል ግን በዚያ ተራ ከዐረቦች የተሰማ ቃል አልተገኘም፤ እንዲህ ያለውን «ሙህመል»፣ የተተወ፣ ብለው ይመዘግቡታል። ሰባኪዎች ዒልምና ዐመል ከአንድ ሥር ፊደላት መምጣታቸውን ሲያስውቡት እንሰማለን፤ የመዝገበ ቃላቱ ሥራ ግን የተሰማውን እንደተሰማ መጻፍ፣ ያልተሰማውንም አልተሰማም ብሎ ማለፍ ነበር።