ጭንቅላት መነቅነቅ ሐሳብ ነው?

ከቲክቶክ ያጠፋሁት አንድ ቪዲዮ አለ። ዱየት ነበር። በአንድ በኩል አንድ ወጣት መርካቶ ዕቃ ገዝቶ ደረሰኝ እንደተከለከለ በንዴት ይናገራል። በሌላው በኩል እኔ አለሁ። ምንም አላወራም። ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ አልፎ አልፎ በጣቴ ወደ እሱ እጠቁማለሁ፣ መጨረሻ ላይ "ልክ ነው!" እላለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ያን ሳምንት እኔም ተናድጄ ነበር። ለሥራ የሚሆን ኬብል ልገዛ ሄጄ ደረሰኝ ስጠይቅ ሻጩ "በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው" አለኝ። መርካቶ የሚገዛ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። ያለ ደረሰኝ ገዝቼ ወጣሁ፣ ማታ የልጁን ቪዲዮ አየሁ፣ ዱየቱን ሠራሁ። ከወትሮው የበለጠ ላይክ አገኘ። ኮመንቱ ከላይ እስከ ታች "ልክ ነው" ነበር።

እሁድ ቡና ላይ አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። አጎቴ መርካቶ ውስጥ ሹራብና ካልሲ በችርቻሮ ይሸጣሉ። ያደግኩት አዲስ ከተማ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቃቸው ውስጥ ካልሲ እያጣጠፍኩ ነው የዋልኩት። ሲኒውን አስቀምጠው "አየሁህ" አሉኝ።

"ምን አጠፋሁ?" አልኳቸው።

"ምንም አላጠፋህም። ምንም አላልክማ። ልጁ 'ሌቦች ናቸው' ሲል አብረህ ነቀነቅክ እንጂ። እሱስ አያውቀኝም። አንተ ግን ለምን ደረሰኝ እንደማልቆርጥ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ጠይቄያቸው አላውቅም። የምህንድስና ዲግሪ አለኝ፣ የምኖረው ኮድ ጽፌ ነው። አንድ ሲስተም ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ምክንያቱን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እዚህ ጋ ግን አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ እንዳለው በጆሮዬ ሰምቼ፣ ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ካሜራ ፊት ቀርቤ ነቀነቅኩ።

ያን ቀን አጎቴ በካልሲ ካርቶን ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠሩልኝ። ቁጥሩን ቀለል አድርጌ ላቅርበው። ቸርቻሪው አንድ ሹራብ በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,150 ብር ይሸጣል እንበል። ቫት 15 በመቶ ነው። ለገዢው የ1,150 ብር ደረሰኝ ከቆረጠ፣ ከዚያ ውስጥ 150ው ቫት ነው፤ ለመንግሥት ይገባል። ቸርቻሪው ራሱ ሲገዛ ደረሰኝ ተቀብሎ ከሆነ፣ በከፈለው 1,000 ብር ውስጥም 130 ብር ከ43 ሳንቲም ቫት ስላለበት እሱን ይቀንሳል። የሚያስገባው 19 ብር ከ57 ሳንቲም ብቻ ይሆናል፣ 130 ብር ገደማ ይተርፈዋል። ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ካልሰጠው ግን የሚቀንሰው ነገር የለም። 150ውን ሙሉ ያስገባል። እጁ ላይ የሚቀረው የገዛበት 1,000 ብር ነው፤ ትርፉ ዜሮ። "በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው" የሚለው ነገር አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

"ግን እኮ ሕጉ ቁረጥ ይላል" አልኳቸው።

"ይላል" አሉ አጎቴ። አላስተባበሉም። እኔም እዚህ ላስተባብልላቸው አይደለም። ጥያቄዬ ስለ ግብር ሳይሆን ስለዚያ ንቅነቃ ነው። ሰው ከሌላ ሰው ንግግር ጎን ሲቆም፣ ምን የመጨመር ግዴታ አለበት?

መስማማት ሁልጊዜ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት የጋየ ጊዜ፣ የእርዳታ ጥሪ ያዩ ሰዎች ያንኑ ቃል ለቃል እየደገሙ አሰራጩት። እዚያ ላይ "እኔ ደግሞ የተለየ ሐሳብ አለኝ" ብሎ መምጣት ነውር ነበር። ጥሪ በደጋሚው ብዛት ነው የሚሠራው። አንድ ሰው "ይህ ደርሶብኛል" ሲልም "እኔም ደርሶብኛል" ማለት ራሱ መጨመር ነው፤ አንድ ምስክር የነበረው ነገር ሁለት ምስክር ይኖረዋል። የኔ ዱየት እዚህ ሊመደብ ይችል ነበር፣ "እኔም ተከልክያለሁ" ብዬ ቢሆን ኖሮ። እኔ ግን የነቀነቅኩት "ሌቦች ናቸው" ለሚለው ነው። ይህ ጥሪም ምስክርነትም አይደለም፣ ፍርድ ነው። ፍርድን ያለ ምክንያት መድገም ፍርዱን አያጠነክረውም። የደጋሚውን ፊት ብቻ ያውሰዋል። የኔን ፊት ደግሞ ያልተገባ ነገር አድርጎታል፤ የሚያውቁኝ ሰዎች "የመርካቶ ልጅ ነው፣ ቢያውቅ ነው" ብለዋል።

ይህ ነገር በባህላችን አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው "ተቀበል" ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ መልሶ ያወጣዋል። ግጥሙ የሰጪው ነው፣ ድምፁ የአዝማሪው፤ ይህንን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። በድሮው ሙግት ደግሞ "በላ ልበልሃ" የሚባል ነበር፤ አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ሌላው ተነስቶ በራሱ ቃል ይመልሳል፣ ሰው ቆሞ ይሰማል። የኔ ዱየት ሙግት መስሎ የቀረበ "ተቀበል" ነበር። ችግሩም መምሰሉ ላይ ነው።

ቪዲዮውን አጥፍቼ መልሱን እንደገና ልጽፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ከዱየት ወደ ስቲች ቀየርኩ። ዱየት ላይ ሁለታችን እኩል እንታያለን። እሱ በሚያወራበት ጊዜ ሁሉ ፊቴ አንድ ነገር እያለ ነው፤ ዝም ብል እንኳ ተስማማ ይባላል። ስቲች ግን ተራ አለው። ከሰውዬው ቪዲዮ ጥቂት ሰከንድ ትቆርጣለህ፣ እሱ ተናግሮ ያበቃል፣ ከዚያ አንተ ትቀጥላለህ። ለበላ ልበልሃ የሚቀርበው ይህ ነው።

ግን እነዚያን ሰከንዶች የሚመርጠው ማነው? አንተ ነህ። የሥነ ምግባሩ ፈተና በአብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ገና አፍህን ሳትከፍት። እኔ መጀመሪያ የቆረጥኩት "ሁሉም ሌቦች ናቸው" የሚለውን ነበር። ለመመለስ በጣም ይቀላል፤ ሁሉም አይደሉማ። ቪዲዮውን ሙሉውን ሦስት ጊዜ ስሰማው ግን ልጁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ብሏል፦ "እኔ ከፍዬ ደረሰኝ ካላገኘሁ፣ ግብሩ የት ገባ?" ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተናደደበትም ነገር ይኸው ነው፤ "ሌቦች" ያለው ጥያቄው መልስ ስላላገኘ ነው። ደካማውን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ብመልስ አሸንፌ ነበር፣ ግን ያልነበረ ሰው ነው የማሸንፈው። ስለዚህ ጥያቄውን ቆረጥኩ።

የጻፍኩት ይህንን ነው፦

"ጥያቄው ትክክል ነው፣ እኔም ተከልክያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቸርቻሪው ሹራቡን በ1,000 ብር ሲገዛ ከጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ካላገኘ፣ ለኛ በ1,150 ደረሰኝ ሲቆርጥ 150ው ሙሉ ለቫት ይሄዳል። ትርፍ የለውም። ከላይ ደረሰኝ ቢያገኝ ኖሮ የሚያስገባው 20 ብር አይሞላም ነበር። ስለዚህ ግብሩ የት ገባ ካልን፣ ሱቁን ብቻ ሳይሆን ሱቁ የገዛበትንም እንጠይቅ። ከላይ ደረሰኝ ተቀብሎ ለኛ የሚከለክል ነጋዴ ካለ ግን፣ ወንድሜ፣ ያልከው ለእሱ ልክ ነው።"

ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መለስኳት። እሷ ከሌለች ስክሪፕቱ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ይዋሻል። ሒሳቡ የሚሠራው ከላይ ደረሰኝ ላጣ ነጋዴ ብቻ ነው። ለሁሉም ነጋዴ ጠበቃ ብሆን፣ ያው ንቅነቃ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተቀየረ። አዲስ ሐሳብ አለኝ የሚል ሰው ሐሳቡ የት ላይ እንደሚቆም መናገር አለበት። አለበለዚያ ለመለየት ሲል የተለየ ነው፣ እሱም የራሱ የሆነ ጭፍን መስማማት ነው፤ የሚስማማው ከተቃዋሚው ወገን ጋር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከመልቀቄ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። መጀመሪያ የልጁን ክፍል ሸፍኜ የኔን ብቻ ሰማሁ፤ የሚቀር ነገር አለ? አለ፣ ሒሳቡ። በድሮው ዱየት ልጁን ብሸፍነው የሚቀረው የሚነቀነቅ ጭንቅላት ነበር። ቀጥሎ፣ ልጁ ይህን ቢያይ "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት" ይላል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ይላል ብዬ አመንኩ፣ ለቀቅኩት።

አጎቴን ለማስደሰት ነው የሠራኸው የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ጠርጥሬያለሁ። በህዳር 2017 በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሳ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያለ ደረሰኝ የተገኘ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተናፍሶ፣ የከተማው ገቢዎች ቢሮ አስተባብሎ ነበር። ያኔም ያየሁት ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ነው፤ ለነጋዴው የሚነቀንቅና ለተቆጣጣሪው የሚነቀንቅ። አጎቴን ማስደሰት ብፈልግ ኖሮ የመጀመሪያውን እሠራ ነበር። የሠራሁትን ሲያዩት "መጨረሻ ላይ ያልከው ነገር ባይኖር" አሉኝ። አልቀየርኩትም።

አዲሱ ቪዲዮ ከድሮው ያነሰ ላይክ ነው ያገኘው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ኮመንት ጻፈ፦ "እሺ ብሮ፣ ጅምላ ሻጩስ ለምን አይሰጥም?"

ቶሎ መልስ ልሰጠው ጣቴን አንስቼ ነበር። ግን የማላውቀው ነገር ነው። "ጠይቄ እመለሳለሁ" ብዬ ጻፍኩለት። ቅዳሜ አጎቴ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ከእሳቸው በላይ ማንን እንደምጠይቅ ያሳዩኛል።