ከኩርፊያ ወር በኋላ «እንኳን አደረሰህ» ማለት

አንድ ወር ሙሉ ተኮራርፈው የከረሙ ሁለት ሰዎች ቤት ልደት ሲደርስ፣ ትንሽ የሚመስል ግን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይመጣል። ምን ተብሎ ይጻፋል? ዝም ብሎ ማለፍ ቅጣት ይሆናል። ምንም እንዳልተፈጠረ «መልካም ልደት ፍቅሬ» ብሎ ሦስት ቀይ ልብ መደርደር ደግሞ ማስመሰል ነው። ለምንወደው ሰው ደግ መሆንና እውነቱን መናገር በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ አብረው ይገባሉ ወይ?

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከተጋቡ ሁለት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት እናስብ። የተሻለ ቤት ለመከራየት ለቅድመ ክፍያ ብለው በጋራ ያጠራቀሙት 60 ሺህ ብር ነበራቸው። ባል ለሚስቱ ሳይነግር ገንዘቡን ለታናሽ ወንድሙ አበደረ። እሷ ያወቀችው ከእሱ አፍ ሳይሆን ባንኩ ስልኳ ላይ ከላከው መልእክት ነው። አንድ ማታ ተጨቃጨቁ። ከዚያ ጭቅጭቁም ቀረ። አራት ሳምንት ሙሉ «በላህ?»፣ «አዎ»፣ «ውሃ መጥቷል»፣ «እሺ» ብቻ ሆነ። ነገ ልደቱ ነው።

መጀመሪያ እጇ ላይ የሚመጣው ቀላሉ ነው፦ «መልካም ልደት የኔ ንጉሥ፣ ካንተ ጋር ያሳለፍኩት እያንዳንዱ ቀን በረከት ነው።» ቆንጆ ነው፣ ግን ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ተቀባዩ ነው። እሱም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር! እንዲህ ያለ መልእክት ሁለት ምርጫ ብቻ ይተውለታል፤ ወይ አብሮ ማስመሰል፣ ወይ «እያንዳንዱ ቀን?» ብሎ የገዛ ልደቱን ማበላሸት። ስጦታ የሚመስል ነገር ሥራ ሆኖበት ያርፋል።

እዚህ ላይ ካንት የሚጠቅም ልዩነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1766 ለሞሰስ ሜንደልሶን በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚያስበውን ብዙ ነገር ለመናገር ድፍረቱ እንደማይኖረው፣ የማያስበውን ግን ፈጽሞ እንደማይናገር ገልጾ ነበር። የሆድን ሁሉ የማውጣት ግዴታ የለብንም፤ ያወጣነው ግን እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ ሚስትየዋ በልደቱ ቀን ስለ ብሩ ዝርዝር ዝም ብትል አልዋሸችም። «እያንዳንዱ ቀን በረከት ነው» ካለች ግን ዋሽታለች።

ሁለተኛው ረቂቅ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፦ «እንኳን ተወለድክ፤ እወድሃለሁ፣ ግን ያደረግከውን መርሳት አልቻልኩም።» ይሄኛው እውነት አለው፤ ችግሩ ቀኑ ነው። የተከሰሰ ሰው መልስ ይገባዋል። በልደቱ ጠዋት፣ ምናልባትም ሥራ ቦታ ቆሞ የሚያነበው ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይመልሳል? «ግን» የምትለዋን ቃል ደግሞ እዩዋት። ከእሷ በኋላ የመጣው ነው ጆሮ ላይ የሚቀረው። «እወድሃለሁ፣ ግን ተቀይሜሃለሁ» ስትሉ የሚቀረው ቅያሜው ነው። «ተቀይሜሃለሁ፣ ግን እወድሃለሁ» ስትሉ የሚቀረው ፍቅሩ ነው። የተነገረው ያው ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ተለወጠ።

ቅያሜው ራሱ ግን የፍቅር ጠላት ነው ብለን እንዳንቸኩል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፒተር ስትሮውሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ስለ ነፃነትና ቂም በሚያወሳ ጽሑፉ፣ በአንድ ሰው መቀየም ማለት ያንን ሰው ለሥራው ኃላፊ የሆነ ሰው አድርጎ መቁጠር እንደሆነ አሳይቷል። በዝናብ ማንም አይቀየምም። ሰውን እንደ ዝናብ ስናየው፣ ማለትም እንደሚያዝ፣ እንደሚታለፍ፣ እንደሚጠለሉት ነገር ብቻ ስንቆጥረው፣ ያኔ ነው ግንኙነቱ የሚቀዘቅዘው። በምሳሌያችን ውስጥ ትልቁ አደጋ የመጀመሪያው ማታ ጭቅጭቅ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው «እሺ» ነው። ስለዚህ ወሩን ጨርሶ የማይጠቅስ መልእክት ያንኑ ቅዝቃዜ በአበባ ሸፍኖ ይቀጥለዋል።

እንዴት ይጠቀስ ታዲያ? አማርኛ ራሱ መንገድ ይሰጠናል። «አኮረፍከኝ» ካልን አድራጊው አንድ ነው። «ተኮራረፍን» ካልን ግን ሁለታችንም አለንበት፤ ዝም ያሉት ሁለቱም ስለሆኑ በዚህ ቤት ውስጥ እውነቱም ይኸው ነው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ብሩን የሰጠው አንድ ሰው ነው። ለእሱ «ተበዳደልን» ብትል ቋንቋው የሌለ ጥፋት ያካፍላታል። ስለ ዝምታው «እኛ» ማለት እውነት ነው፤ ስለ ብሩ «እኛ» ማለት ውሸት ነው። እንደዚሁም «አከበድክብኝ» ክስ ነው፤ «ወሩ ከበደኝ» ግን የራስን ሸክም መናገር ነው፣ ማንንም መልስ አይጠይቅም።

ሙቀቱስ ከየት ይምጣ? ብዙ ሰው ወደ ድሮው ይሮጣል፤ ወደ ሠርጉ፣ ወደ መጀመሪያው ሻይ፣ ወደ ሐዋሳ ፎቶ። ድሮ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ «ያኔ እንዋደድ ነበር» ብቻ ነው የሚለው። የሚያሳምነው ሙቀት ከቀዝቃዛው ወር ውስጥ ራሱ የተገኘ ነው። በአራት ሳምንት ኩርፊያ ውስጥ አንዳች ነገር አይጠፋም፤ ሳይጠየቅ የተሞላ ጀሪካን፣ ሳይነገር የተተወ የመጨረሻ እንጀራ። ይህን ሁሉ አስባ እንዲህ ብትጽፍስ?

«እንኳን አደረሰህ። ተኮራርፈን ነው የከረምነው፣ ወሩም ከብዶኛል። የብሩን ነገር ገና እናወራዋለን፣ ዛሬ ግን የሱ ቀን አይደለም። ባለፈው መብራት ጠፍቶ አምሽቼ ስመጣ፣ በስልክህ እያበራህ ደረጃው ላይ ቆመህ ጠብቀኸኛል። ምንም አልተባባልንም፣ ግን አይቼዋለሁ። በመወለድህ ደስ ይለኛል። ማታ ዶሮ አለ፤ ወሬ ባይኖርህም ና።»

እዚህ ውስጥ ይቅርታም የለም፣ ይቅርታ ጠይቅ የሚልም የለም። ብሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ቀን ተቀጠረለት፤ ስለዚህ አልተቀበረም፣ አልተከፈተምም። ከ«ግን» በኋላ የመጣው «አይቼዋለሁ» ነው። የመጨረሻው ጥሪም መልስ አያስገድድም። ቃላችን «እንኳን አደረሰህ» መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። «አደረሰህ» መንገድ እንደነበረ ያምናል፤ መንገዱ ለስላሳ ነበር ግን አይልም።

ይህ ለሁሉም ቤት አይሠራም። ወሩን ያቀዘቀዘው ፍርሃት ከሆነ፣ ዱላ ወይም ዛቻ ካለበት፣ «ተኮራረፍን» የሚለው ቃል በዳዩን ይደብቃል፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው የልደት መልእክት አይደለም። ሙቀቱ በእውነት ከሌለም ተፈልጎ አይሠራም፤ «እንኳን አደረሰህ» ብቻ ብሎ ማቆም ከተጋነነ ፍቅር ይሻላል። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ላኪው ከሆነ ደግሞ ልደቱን አይጠቀምበት፤ በበዓሉ ቀን «ይቅር በለኝ» የተባለ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፣ ተገዶ የተሰጠ ይቅርታም ብዙ አይቆይም።

ከመላክ በፊት አንዲት መመርመሪያ ትበቃለች። መልእክቱን በተቀባዩ ዓይን አንብቡትና ጠይቁ፦ ይህን አንብቦ ለመደሰት አንድ የሚያውቀውን ነገር መርሳት አለበት? አዎ ከሆነ አስመስላችኋል። ለመደሰት መጀመሪያ ራሱን መከላከል አለበት? አዎ ከሆነ ከሳችኋል። ሁለቱም ካልሆነ፣ ላኩት።